ጓደኛህን አሳደግህ፣ ቢሮው አጉረመረመ፦ ከዚህ በኋላስ?

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ ቢሮ የተከራየ የዕቃ አከፋፋይ ድርጅት አለ እንበል። አርባ ያህል ሠራተኛ አለው። የሽያጭ ቡድን አስተባባሪ ቦታ ተከፈተ። የሽያጭ ክፍል ኃላፊው ዳዊት ሰለሞንን አሳደገ። ሰለሞን የዳዊት የልብ ጓደኛ ነው። በሠርጉ ሚዜ ነበር፣ ልጁን ክርስትና አንስቷል፣ አብረው እቁብ ይጥላሉ። ከተወዳደሩት መካከል ሂሩት የምትባል ነባር ሠራተኛ ነበረች። ሰኞ የእድገት ደብዳቤው ወጣ። ማክሰኞ ሻይ ሰዓት ላይ "ሹመት ያዳብር" የሚለው ምርቃት ሽሙጥ ሆነ። ረቡዕ ሂሩት ለሰው ሀብት ክፍል የጽሑፍ ቅሬታ አስገባች።

ሰዎቹም ድርጅቱም የምሳሌ ናቸው። ሁኔታው ግን የብዙ ቢሮ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዳዊት ቦታ ለተቀመጠ ሰው ነው። "አንተ" እያልኩ እጽፋለሁ፣ ሴት ኃላፊ ብትሆኚም አሠራሩ ያው ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንግባባ። ጓደኛ ማሳደግ በራሱ ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አሥር ዓመት አብሮ የሠራ ሰው ጓደኛ፣ አበልጅ ወይም የማኅበር አባል ባይሆን ነው የሚገርመው። ጥፋቱ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ግንኙነቱን ሳያሳውቁ መቅረትና ውሳኔው ላይ እጅን ማስገባት። ስለዚህ "ሰለሞን እኮ ጎበዝ ነው" የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ለተነሳው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

አንደኛ፦ አፍህን ያዝ፣ ወረቀቱን አትንካ

ቅሬታው በመጣ ቀን የሚደረጉ ስህተቶች ኋላ ለማረም ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው "ማነው ይህን የሚያወራው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ጓደኛ ችሎታ ማስረዳት ነው። ሰው የሚሰማው ማስረጃውን ሳይሆን ጥብቅናህን ነው፣ ያ ደግሞ ሐሜቱን ያጸናዋል። የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልስ መስጠትም ያው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፦ ቃለ ጉባኤ "ማስተካከል"። ያልተፈረመውን ማስፈረም፣ የጎደለውን የነጥብ ወረቀት ዛሬ ሞልቶ የባለፈው ሳምንት ቀን መጻፍ። እስከዚህ ድረስ የነበረብህ የአሠራር ጉድለት ነው። ይህን ካደረግህ ወደ ማጭበርበር ተሻገርክ። ፋይሉ ባለበት ሁኔታ ተገልብጦ ከአንተ ውጭ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ የፋይናንስ ኃላፊው፣ እንዲይዘው አድርግ። የጎደለ ወረቀት ካለ "የለም" ተብሎ ይመዝገብ።

ለሂሩት የሚሰጣት መልስ በጽሑፍ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ቀን ይኑረው። "ቅሬታሽ ደርሶናል። የሚያየው እኔ አይደለሁም፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ የሚመድበው ሰው ነው። እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ምላሽ ታገኛለሽ።" ይህ ይበቃል።

በዚህ ጊዜ ሂሩትን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ማዛወር፣ የጀመረችውን ደንበኛ መንጠቅ ወይም ድንገት የሰዓት ፊርማዋን መቆጣጠር ብቀላ ሆኖ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለሥራ ውል መቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሰዓቷን ለመቆጣጠር እውነተኛ ምክንያት ካለህ እንኳ፣ ይህ ጉዳይ እስኪያልቅ ውሳኔውን ለሌላ ሰው ተው።

ቅሬታው ውስጥ ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም ጾታ ከተጠቀሰ ጉዳዩ ከጓደኝነት ወጣ ማለት ነው። ያኔ ሌላ መድልዎን የሚከለክል ድንጋጌ ይመጣልና ከሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋግረህ እንጂ በዚህ ጽሑፍ ብቻ አትሂድ።

ሁለተኛ፦ ግንኙነቱን በአንድ ገጽ ጻፈው

ብዙ ኃላፊዎች እዚህ ላይ "ጓደኛዬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል" ይላሉ። ሁሉም የሚያውቀው አብራችሁ ምሳ መብላታችሁን ነው። የሚያሳስበው ክፍል ሌላ ነው።

ግንኙነቱን በሦስት ከፍለህ አስበው። አብሮ ጊዜ ማሳለፍ አንድ ነው። የቃል ኪዳን ዝምድና፣ ማለትም አበልጅነት፣ ሚዜነት፣ ጽዋ ማኅበር፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ምክንያቱም "እምቢ" ማለት ነውር ይሆናል። ገንዘብ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የሚጻፈውም ከገንዘቡ ጀምሮ ወደ ታች ነው።

እቁቡን እንውሰድ። አሥራ ሁለት አባላት ያሉት፣ በወር 10,000 ብር የሚጣልበት እቁብ ነው። ሰለሞን በሦስተኛው ወር ዕጣው ደረሰውና 120,000 ብር ወሰደ። ቀሪው ዘጠኝ ወር ሳይጥል እንዳይጠፋ ዋስ ተጠየቀ። ዋስ የሆነው ዳዊት ነው። ይህ ማለት ሰለሞን መክፈል ቢያቅተው 90,000 ብር የሚጠየቀው ዳዊት ነው። አሁን እድገቱን መልሰህ እየው። የሰለሞን ደመወዝ መጨመሩ የዳዊትን ኪስ ይጠብቃል። ዳዊት ይህን አስቦ ላያደርገው ይችላል፣ ምናልባትም ዋስ መሆኑን ረስቶታል። ግን የጥቅም ግጭት የሚለካው በሐሳብህ ንጽሕና አይደለም። ውሳኔው አንተን ይነካሃል ወይስ አይነካህም የሚለው ነው መለኪያው። በነገራችን ላይ የቢሮው ሰው ሁሉ ያለበት እቁብ ቢሆንና ማንም ለማንም ዋስ ባይሆን ይህን ያህል አላስጨንቀውም ነበር።

ብድርም እንዲሁ ነው። በተለይ ኃላፊው ከሠራተኛው የተበደረ እንደሆነ። በጋራ የተገዛ መኪና፣ በሚስት ስም ያለ የጋራ ሱቅ፣ ለባንክ ብድር ወይም ለቅጥር የተፈረመ የዋስትና ወረቀትም ይጻፋል።

ደብዳቤው ይህን ይመስላል፦

"ለዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ጉዳዩ፦ የጥቅም ግጭት ስለማሳወቅ። የሽያጭ ቡድን አስተባባሪ ሆኖ ካደገው ሠራተኛ ጋር የቅርብ ጓደኛሞች ነን። የልጄ የክርስትና አባት ነው። በአንድ እቁብ አባል ነን፣ ዕጣ በወሰደበት ጊዜ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬ የቀረው ክፍያ 90,000 ብር ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ይህን ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ አላሳወቅሁም። ከዛሬ ጀምሮ እሱን በሚመለከት በደመወዝ፣ በምዘናና በዲሲፕሊን ውሳኔ እንዳልሳተፍ እጠይቃለሁ።"

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ "ነገር ግን ብቃቱን አረጋግጣለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር አትጨምር። የዛሬውን ቀን ጻፍበት፣ በመዝገብ ቤት አስገባው፣ ግልባጩ በሰው ሀብት ፋይል ይቀመጥ። ለሰለሞን አስቀድመህ ንገረው፣ ስለ እሱ ገንዘብ እየጻፍህ ነውና። ደብዳቤውን ግን ከሚመለከታቸው በቀር ማንም ማየት የለበትም። ሂሩትም ብትሆን "ግንኙነቱ በጽሑፍ ቀርቧል" የሚለውን እንጂ የእቁቡን ዝርዝር ማወቅ አያስፈልጋትም።

ሦስተኛ፦ ነጥቡን ያላንተ እጅ መልሶ ማስላት

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ የሚሠራውም ሌላ ሰው ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሽያጭ ክፍል ውጭ አንድ ሰው ይመድባል። ያ ሰው መጀመሪያ በሩ ክፍት እንደነበር ያያል፦ የውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ስንት ቀን ተለጠፈ? መስፈርቱ ከማስታወቂያው በኋላ ተቀይሯል? "የመንጃ ፈቃድ ያለው" የሚል ነገር መጨረሻ ላይ ገብቶ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰለሞን ብቻ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። የኅብረት ስምምነት ወይም የውስጥ ደንብ ካለ የእድገት አሠራሩ እዚያ የተጻፈው ነው፣ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል።

ቀጥሎ ነጥቡ። በምሳሌያችን የሥራ አፈጻጸም 40፣ ልምድ 20፣ ትምህርት 10፣ ቃለ መጠይቅ 30 ነጥብ ነበራቸው። ሰለሞን በአፈጻጸም 34፣ በልምድ 12፣ በትምህርት 8 አገኘ፣ ድምሩ 54። ሂሩት 35፣ 14 እና 7 አገኘች፣ ድምሯ 56። እስከዚህ ሂሩት በሁለት ትመራለች።

ቃለ መጠይቁን ሦስት ሰዎች ሰጡ። ለሰለሞን ዳዊት 30፣ ሌሎቹ 26 እና 25 ሰጡት፣ አማካዩ 27 ነው። ለሂሩት ዳዊት 15፣ ሌሎቹ ሁለቱም 24 ሰጧት፣ አማካዩ 21 ነው። ጠቅላላ ሰለሞን 81፣ ሂሩት 77። ሰለሞን በአራት ነጥብ አሸነፈ፣ ቃለ ጉባኤውም ይህንኑ ይላል። ሲያዩት ንጹሕ ነው።

አሁን የዳዊትን ነጥብ አውጣው። የሰለሞን አማካይ 25.5፣ የሂሩት 24 ይሆናል። ሰለሞን 79.5፣ ሂሩት 80።

ይህ ውጤት ሂሩት ትሻላለች ማለት አይደለም። ግማሽ ነጥብ በቃለ መጠይቅ ውስጥ ምንም ማለት አይደለም፣ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ የገባ ተወዳዳሪም ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። ውጤቱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ አሸናፊውን የለየው የዳዊት እጅ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ 24 የሰጧትን ተወዳዳሪ ዳዊት 15 መስጠቱም ይጠየቃል። የጻፈው ማስታወሻ ካለ ይታያል፣ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል።

ብዙ ሰው ምርመራውን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ያ 34 የአፈጻጸም ነጥብ ማን የሰጠው ነው? ያለፉትን ሁለት ምዘናዎች የሞላው ዳዊት ከሆነ፣ እጁ ከቃለ መጠይቁ በፊትም ነበረ። "ከፓነሉ ራሴን አግልያለሁ" የሚል ኃላፊ ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳል። መፍትሔው ምዘናውን ከሥራው ቁጥር ጋር ማነጻጸር ነው፦ የሽያጭ መጠን፣ የተሰበሰበ ውዝፍ ሒሳብ፣ የተመለሰ ዕቃ፣ የጠፋ ደንበኛ። ምዘናው 34 ሲል ቁጥሩም ያን የሚያህል ከሆነ ጥሩ። ሁለቱ ካልተገናኙ የምዘናው ነጥብ ለዚህ ውድድር አይቆጠርም።

ከዚህ የሚወጣው ሦስት ዓይነት ውሳኔ ነው። ያላንተ እጅ ሲሰላም ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ከቆየ እድገቱ ይጸናል፣ አንተ ግን ባለማሳወቅህ የጽሑፍ ማሳሰቢያ ትቀበላለህ። ውጤቱ ከተገለበጠ ወይም እንደዚህ ከተጠጋ ቃለ መጠይቁ በሌሎች ሰዎች ይደገማል። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ሙሉ ውድድሩ ይደገማል፣ "ሁላችንም ተስማምተን ነበር" ማስረጃ አይሆንም።

ሲደገም ጥያቄዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቅደም ተከተል ይሁኑ። ጠያቂዎቹ ከመነጋገራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ነጥባቸውን ሞልተው፣ ፈርመው ያስረክቡ። ከተነጋገሩ በኋላ የሚሞላ ነጥብ የትልቁ ሰው ነጥብ ነው የሚሆነው፣ በእኛ ይሉኝታ ደግሞ ይብሳል። አርባ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ገለልተኛ ሰው ከየት ይመጣል ካልከኝ፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ከባለቤቶቹ አንዱ። ሽያጭ ባያውቁም በተዘጋጀ የመልስ መለኪያ ነጥብ መስጠት ይችላሉ።

አንድ ጥንቃቄ። ሰለሞን ደብዳቤ ተሰጥቶታል፣ ደመወዙም ተስተካክሏል። ያን በቃል ወይም በአንድ ማስታወቂያ መሻር ሌላ ክስ ይጠራል፣ የሥራ ውል የሚሻሻለው በጽሑፍ ስምምነት ወይም ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ነውና። የሚቻለው ውድድሩ እስኪደገም በተጠባባቂነት እንዲቀጥል በጽሑፍ መስማማት ነው። እምቢ ካለ የሕግ ባለሙያ ሳትጠይቅ አትንቀሳቀስ።

አራተኛ፦ ለሂሩትና ለቡድኑ የሚነገረው

የሚናገረው መርማሪው ወይም ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው። ሂሩት የራሷን ነጥብ ሁሉ ታያለች፣ የሌላውን አታይም። የተገኘው ክፍተት በግልጽ ይነገራት፦ "በውድድሩ ላይ መገኘት ያልነበረበት ሰው ነጥብ ሰጥቷል። ቃለ መጠይቁ ይደገማል።" "ቅር ካለሽ ይቅርታ" ብሎ ማለፍ ጭራሽ ያናድዳል፣ ስሜቷን እንጂ ጥፋቱን አላመነምና።

ለቡድኑ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አካሄዱ ታይቷል፣ ይህ ይደረጋል። የቅሬታ አቅራቢዋ ስም አይነሳ። ሁሉም ቢያውቅም አይነሳ።

አምስተኛ፦ ከጓደኛህ ጋር መነጋገር

እንደ እኔ ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው፣ ለዚህም ነው ሰው የሚዘለው። ከቢሮ ውጭ ተገናኙ። አታቃልለው፣ "ወሬ ነው፣ ያልፋል" አትበለው። እንዲህ በለው፦ "ወንድሜ፣ ቦታው ይገባሃል ብዬ አምናለሁ። ግን እኔ መፍረድ አልነበረብኝም። አሁን ውድድሩ ይደገማል፣ እኔ አልኖርም። ካሸነፍክ ማንም አፉን አይከፍትብህም።" ሊከፋ ይችላል። "ለሰው ብለህ ሸጥከኝ" ሊልህም ይችላል። ያኔ መልሰህ ቃል አትግባ። "ሌላ ቦታ እፈልግልሃለሁ" ካልክ ከአንዱ የጥቅም ግጭት ወደ ሌላው ገባህ።

ዋስትናውን እዚያው አንሱት። የእቁቡ ሰብሳቢ ሌላ ዋስ እንዲቀበል ጠይቁ። ካልተቻለ ክፍያው እስኪያልቅ የሰለሞንን ጉዳይ የሚያየው ሌላ ኃላፊ ነው። አበልጅነት አይፈርስም፣ እንዲፈርስም የሚጠይቅ የለም።

ስድስተኛ፦ ሰለሞን ካሸነፈ በኋላ ያለው ዓመት

በድጋሚ ውድድሩ ሰለሞን አሸነፈ እንበል። አሁንም አለቃው ዳዊት ነው። ሁሉን ነገር ከዳዊት መውሰድ አይቻልም፣ ሥራ ይቆማል። የዕለት ሥራ ማዘዝ፣ ስብሰባ መምራት፣ የታመመ ቀን ማወቅ የዳዊት ሆኖ ይቀጥላል። ከእጁ የሚወጡት ገንዘብና መዝገብ የሚነኩት ናቸው፦ የዓመት ምዘና፣ የደመወዝ ጭማሪና ቦነስ፣ የክፍለ ሀገር ጉዞ አበል፣ የትርፍ ሰዓት፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ። እነዚህን የሚፈርመው ሰው በስም በደብዳቤ ይወሰን። አበልን በተለይ ያነሳሁት ሳይታይ የሚያልፍ ስለሆነ ነው። ማን ሐዋሳ እንደሚሄድና ማን ቢሮ እንደሚቀር የሚወስን ሰው፣ በዓመቱ መጨረሻ ከደመወዝ ጭማሪ ያላነሰ ገንዘብ አከፋፍሏል።

በየሦስት ወሩ አንድ ሰው የቡድኑን አበልና ትርፍ ሰዓት በስም ዘርዝሮ ይየው። የሰለሞን ድርሻ ከሌሎቹ ከራቀ ምክንያቱ ይጠየቃል።

ነገሩ እየተበላሸ መሆኑን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። ሠራተኞች ጥያቄያቸውን በቀጥታ ለዳዊት ከማቅረብ ይልቅ በሰለሞን በኩል መላክ ይጀምራሉ። ሰለሞን ስብሰባ ሳይደረግ ውሳኔ ቀድሞ ያውቃል። ሌላው ምልክት ዝምታ ነው፦ ለሚቀጥለው ክፍት ቦታ የሚያመለክት ይጠፋል። ባለፈው ስድስት ሰው ተወዳድሮ አሁን አንድ ብቻ ካመለከተ፣ ቅሬታ ስላልመጣ ሰላም ነው ብለህ አትደምድም። ሰዎቹ ማመልከቻ መጻፉን ትተው ሲቪያቸውን ሌላ ቦታ እየላኩ ነው።

ባለቤቱ ራሱ ዳዊት ከሆነስ?

መርካቶ ጀምሮ ቦሌ ቢሮ የከፈተ የቤተሰብ ድርጅት ብዙ ነው። ባለቤቱ የገዛ ገንዘቡን ለሚያምነው ሰው ሲሰጥ፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራበትም። ሪፖርት የሚያደርግለት አለቃ የለውም። የአክሲዮን ማኅበር ከሆነ ግን የሌሎች ገንዘብ ነውና "ድርጅቴ ነው" አይባልም፣ ቦርዱ ያየዋል።

ለቤተሰብ ድርጅት ምክሬ አንድ ነው፦ ያለቀ ነገር ላይ ማስታወቂያ አትለጥፍ። ቦታው ለወንድምህ ልጅ ወይም ለጓደኛህ የታሰበ ከሆነ "ይህን ቦታ በማምነው ሰው ነው የምሞላው፣ ውድድር የለውም" በል። ሠራተኛው ቅር ይለዋል፣ ግን ያውቀዋል። ስድስት ሰው ፎርም አስሞልቶ፣ ፈትኖ፣ አስቀድሞ የተመረጠውን መሾም ስድስቱንም ይዞ ይሄዳል። ውድድር የሚደረግባቸውን ቦታዎች ለይተህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ በእነሱ ላይ ደግሞ ከማስታወቂያው በፊት እያንዳንዱ ጠያቂ ሊያመለክቱ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ያለውን ዝምድና፣ ብድርና ዋስትና የሚሞላበት ግማሽ ገጽ ፎርም ይኑር። አመልካቾች ከታወቁ በኋላ አዲስ ነገር ከመጣ ፎርሙ ይሻሻላል፣ ጠያቂውም በዚያው ቀን ይቀየራል።